ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ

ከሚሴ ውስጥ አሲያን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ ቁርሱን በልቶ ከሆነ አውቋታል። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቤቷ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ ፉል ትሠራለች፣ ሻይ በወተት ትቀዳለች። ምግቧን የሚያመሰግን ሞልቷል፤ እኔ የማወራው ስለ ሰላምታዋ ነው። አሲያ ሰላም የምትለው ሰውየውን ብቻ አይደለም። «አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጅርታ፣ ፈያዳ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ በናንተ በኩል እንዴት ነው?» ብላ ጀምራ የጎረቤትን የታመመች ላም ሳይቀር ትጠይቃለች፤ ከዚያ ምርቃቱ ይከተላል፤ እስከዚያው ሻዩ ይቀዘቅዛል። ሹፌሮች ሳምቡሳ ሲያምራቸው ረዳቶቻቸውን የሚልኩት ለዚህ ነው። ራሳቸው ከገቡ መኪናው ሳይነሳ ይቀራል።

እኔ ከማል እባላለሁ። ከአሲያ ቀጥሎ ያለችው የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ የእኔ ናት። ማመልከቻ፣ ውል፣ ደብዳቤ፣ ሰው ያዘዘኝን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ቤተሰቤን የማስተዳድረው የሰውን ረጅም ወሬ አሳጥሬ ወረቀት ላይ በማስፈር ነው። ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን ባለቤቴም ደንበኞቼም በየቀኑ ይነግሩኛል። ከአሲያ ጋር አንድ ክፍል ተምረናል፣ ጎን ለጎን ሠርተናል፤ በሁለታችን መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ስስ ስለሆነ የምትለው ሁሉ ይሰማኛል። አብዛኛውን ቀን የምትለው ምርቃት ነው።

ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ቤት ተከራይታ ኖራለች። ባሏ በወጣትነቷ ነው የሞተው፤ ልጅ አልወለደችም። ያላት ዘመድ ባቲ የምትኖር ታላቅ እህቷ ናት፤ እትዬ ዘሊካ። እናታቸው ስትሞት አሲያን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ደክሟል፤ ብቻቸውን ከጥቂት ፍየሎች ጋር ይኖራሉ። የአሲያ ሐሳብ አንድ ነበር፤ የራሷን ቤት ሠርታ እህቷን አምጥታ፣ መጪውን ረመዳን በአንድ ጣራ ሥር መጾምና ማፍጠር። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ቦታ አግኝታ በሚያዝያ ወር ከኢብራሂም ጋር ውል ተፈራረመች። ኢብራሂም ኮንትራክተር ነው፤ ጎልማሳ፣ ሳቂታ፣ በሞተር ብስክሌት ከአንዱ ግንባታ ወደ ሌላው የሚበር ሰው። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ዋጋ ውል ነው፤ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ ብሎኬቱንና ቆርቆሮውን አሲያ ታቀርባለች፤ ሠራተኛውንና መሣሪያውን፣ ኮንክሪት የሚሞላበትን ጣውላ ጭምር፣ ኢብራሂም ያመጣል። ቤቱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተጠናቅቆ ርክክብ ይደረጋል ይላል። ሼህ ዓብዱልመጂድና እኔ በምስክርነት ፈረምን።

መሠረቱ ወጣ፤ ግድግዳው ቆመ፤ ሁላችንም ማሻአላህ አልን። ከዚያ ቆመ። ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረው ኮንክሪት ሳይሞላ ብረቱ ብቻ ወደ ሰማይ አፍጥጦ ቀረ። እሱ ካልተሞላ ደግሞ ጣራ አይወጣም። ሐምሌ ላይ ኢብራሂም ዝናብ ነው አለ፤ እውነቱን ነው፣ ዝናብ ነበር። «መስከረም ላይ ኢንሻአላህ» አለ። መስከረም መጣና «ጥቅምት ላይ ኢንሻአላህ» አለ። ጥቅምት ሲደርስ የቀን ሠራተኞቹ ወደ ማሽላ አጨዳ ሄዱ፤ «ኅዳር ላይ ኢንሻአላህ» አለ።

እስከዚያ አሲያ ከግንባታ ዕቃ ጋር ትኖር ነበር። ቦታው ላይ ብትተወው ይሰረቃል ብላ ሲሚንቶውን በተከራየችው ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደረደረችው። ቆርቆሮው አልጋዋ ጎን ቆሞ ነበር፤ በተገላበጠች ቁጥር እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። የሚስማሩ ካርቶን ወንበሯ ሆነ። አከራይዋ ረቢአ በሩ ላይ ቆማ፣ «አሲያ፣ ያከራየሁሽ መኝታ ክፍል ነው ወይስ መጋዘን?» ብላ እንደነበር አሲያ ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ እንግዳ ቀርቶ ትራስ የሚጨመርበት ቦታ አልነበረም።

ባቲ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። አሲያ ኢብራሂም የነገራትን ቀን ሁሉ አምና በስልክ ለእህቷ ታስተላልፋለች። እትዬ ዘሊካ «ቤቱ ሊያልቅ ነው» ሲባሉ ሰኞ ገበያ ወጥተው ፍየሎቻቸውን ይሸጣሉ፤ ዕቃቸውን ያስራሉ። ቀኑ ሲገፋ ቤት ያለ ፍየል አይሆንላቸውምና በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሰው ይገዛሉ። ሁለት ጊዜ ሸጠው ሁለት ጊዜ ገዙ። በሁለተኛው ጊዜ የገዙት የራሳቸውን ፍየሎች ነው ይባላል፤ ነጋዴው ባይሸጥላቸው ኖሮ ፍየሎቹ ራሳቸው ተከትለዋቸው ይሄዱ ነበር።

ታዲያ አሲያ ለምን አትቆጣውም? ስሱ ግድግዳ ነገረኝ። ኢብራሂም በሳምንት አንድ ቀን ቁርስ ሊበላ ይመጣል። አሲያ ከሩቅ ስታየው «ዛሬስ ልነግረው ነው» ትለኛለች። ይገባል። «አሰላሙ አለይኩም አሲያ እናቴ፣ አካም ጅርቱ?» ይላል። ከዚያ የሚስቱ፣ የልጆቹ፣ የእናቱ ጉልበት ሕመም፣ የሞተሩ ጎማ ሳይቀር ይጠየቃል። ትኩስ ሳምቡሳ ይወጣለታል። «ብላ ልጄ፣ ከስተሃል» ትለዋለች። ከዚያ «አላህ እጅህን ያበርታው፣ የጀመርከውን ያስፈጽምህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ» ብላ ትመርቀዋለች። እሱ አሚን እያለ በልቶ፣ በምርቃት ጠግቦ ይወጣል። ስለ ቤቱ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወደ እኔ ሱቅ ብቅ ትላለች።

«ከማልዬ፣ ቀጣይ ሳምንት እነግረዋለሁ። ዛሬ እናቱን አሟታል።»

«እናቱ የማትታመምበት ማን አለ!» ብዬ እጮኻለሁ። ንዴቴ ምንም አላመጣም፤ እሷ «አላህ ያሽርልህ» ትለኛለች፤ የእኔ እናት የታመመች መስሏት።

ኅዳር ሲገባደድ አንድ ጠዋት አሲያ ሳትስቅ ወደ ሱቄ ገባች። ሳትስቅ ሳያት ተነሣሁ። እህቷ ደውለው ነበር። «አሲዬ፣ ረመዳንን እዚሁ ልጹም በቃ፤ ያ ቤት የእኔ ዕጣ አይደለም መሰለኝ፤ አንቺም ለእኔ ብለሽ አትጨነቂ» ብለዋታል። እትዬ ዘሊካ አልተቆጡም፤ አለማዘናቸውን ለማሳየት ስለ ፍየሎቹ ቀልደዋል። አሲያን የጎዳት ይኸው ቀልድ ነው።

«ጻፍልኝ» አለችኝ። «ለኢብራሂም ደብዳቤ ጻፍልኝ። በአፌ አልቻልኩም።»

ደስ አለኝ። ኪቦርዱን ሳብኩና «በይ» አልኳት። አለች። ሰላምታው ብቻ ገጹን ወሰደ። ሚስቱን በስም፣ ልጆቹን በስም፣ እናቱን ከነጉልበታቸው፣ ግንበኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ልቁረጠው ስል «ተው፣ ይቀየመኛል» አለች። ከሰላምታው ቀጥሎ ምርቃት መጣ፤ ጀርባውንም ያዘው። ግርጌ ላይ፣ ቦታ ሊያልቅ ሲል፣ «የቤቴንም ነገር እግረ መንገድህን እንዳትረሳኝ፣ ቀኑንም ብትነግረኝ ጥሩ ነበር» የሚል አንዲት መስመር ጣል ተደረገች። እኔም ተሸንፌ አትሜ ሰጠኋት።

በሦስተኛው ቀን ኢብራሂም ራሱ ሱቄ ገባ። ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ከማል፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ይቺን በላስቲክ ለብጥልኝ። ላሚኔት አድርግልኝ።»

«ለምን?»

«ልሰቅላት ነው እንጂ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምርቃት በጽሑፍ ተልኮልኝ አያውቅም። ለሠራተኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ግንበኛው ስሙን ሲሰማ ዕንባው መጣ። ወላሂ አሲያ እናት ናት።»

«እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?»

«ምርቃቱ ላይ ስደርስ ሆዴ ባባ፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ማታ እደግመዋለሁ።»

ለበጥኩለት። ምን ላድርግ? የሰውየው ፊት እንደ ዒድ ጨረቃ በርቷል። ሲወጣ ግን በግድግዳው በኩል «አሲያ!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት መናኸሪያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

መጥታ የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ «እሰይ፣ ወደደው?» አለች። ከዚያ ገባት። ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«አሁን እኔ እጽፋለሁ፤ አንቺ ትፈርሚያለሽ» አልኳት። «ሰላምታ የለም።»

«ሰላምታ የሌለው ደብዳቤማ ለደመኛ ነው የሚጻፈው!»

«ለኮንትራክተርም ይጻፋል።»

ሙሉ ጠዋት ተከራከርን። እሷ አንዲት «ሰላም ላንተ ይሁን» ብቻ ብላ ለመነች፤ እኔ እንቢ አልኩ፤ አንዴ ከጀመረች እንደማታቆም አውቃለሁ። በመጨረሻ ግርጌው ላይ ባለችው «ከሰላምታ ጋር» ታረቅን። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

*ለአቶ ኢብራሂም*
*ከሚሴ*

*ጉዳዩ፦ የተሻሻለ የሥራ መርሐ ግብር እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ*

*በሚያዝያ ወር በተፈራረምነው የእጅ ዋጋ ውል መሠረት የመኖሪያ ቤቴ ግንባታ በሐምሌ ወር መጨረሻ ተጠናቅቆ ልረከብ ይገባ ነበር። ማጠናቀቂያው መጀመሪያ በዝናብ ምክንያት ወደ መስከረም፣ ከዚያ ወደ ጥቅምት፣ ከዚያም ወደ ኅዳር ተላልፏል። ሥራው ከግድግዳው በላይ ያለው ማሰሪያ ኮንክሪት ሳይሞላ ቆሟል። በውሉ መሠረት እኔ ላቀርበው የሚገባው ዕቃ ሁሉ ቀርቧል፤ ሲሚንቶው ግን በቆየ ቁጥር እየጠጠረ ይበላሻል።*

*ስለዚህ የቀረው ሥራ እያንዳንዱ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ቤቱንም የምረከብበት ቀን ተለይቶ የተጻፈበት አዲስ መርሐ ግብር እስከ መጪው ዓርብ ድረስ በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። መነጋገር ካስፈለገ በሥራ ቦታዬ እገኛለሁ። ቤቱን ከረመዳን በፊት መረከብ ለእኔ እጅግ አስፈላጊ ነው።*

*ከሰላምታ ጋር*

*ግልባጭ፦ ለውሉ ምስክሮች*

ፈረመችና ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። «አንቱ ነው ያልከው?» አለችኝ ድንገት። «ልጄን አንቱ?»

«ደብዳቤ ነው» አልኳት።

ራሴ ወስጄ ሰጠሁት፤ በግልባጩ ላይ መቀበሉን አስፈረምኩት። ሲፈርም እየሳቀ ነበር፤ ሌላ ምርቃት መስሎታል። ዞር ብዬ ሞተሬን ሳስነሳ አየሁት። ወረቀቱን አገላበጠ። ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። እንደገና ፊቱን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

በዚያው ዕለት ከዐስር ሰላት በኋላ ኢብራሂም ሼህ ዓብዱልመጂድን ይዞ የአሲያ ቁርስ ቤት በር ላይ ቆመ። ሼሁ በእርቅ የሚታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ፤ ግልባጩ ደርሷቸው እጃቸው ላይ ይዘውታል። ኢብራሂም ሳይገባ፣ ሳይቀመጥ፣ «አሲያ እናቴ፣ ምን በድያችሁ ነው?» አለ። ድምፁ ተሰብሯል። «ሰው ነገር ሠርቶ ነው? ማነው የነገራችሁ?»

«ኧረ ምንም አልበደልከኝም» አለች አሲያ ደንግጣ።

«ታዲያ ሰላምታው የታለ? ልጆቼን እንኳን አልጠየቃችሁም!»

«ግርጌው ላይ ከሰላምታ ጋር ይላል» አልኩት እኔ።

«እሱማ የመብራት ኃይል ማስጠንቀቂያ ላይም አለ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ሼሁ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሁላችንንም አስቀመጡን። ቴምርና ሻይ ቀረበ። እዚያው ቁርስ ቤት ውስጥ፣ ተሳፋሪ እየገባ እየወጣ፣ ሽምግልናው ተጀመረ። ሼሁ ኢብራሂምን «ቤቱ ለምን ቆመ? እውነቱን ተናገር» አሉት።

ኢብራሂም የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አራት ቤት ይዣለሁ» አለ። «ኮንክሪት የሚሞላበት ጣውላ ግን ያለኝ ለአንድ ቤት ብቻ ነው። ጣውላውም ግንበኛውም የሚሄደው ጠዋት ደውሎ ወደሚጮህብኝ ሰው ነው። አንዱ ይሰድበኛል፤ እዚያ እሄዳለሁ። አንዱ ወንድሞቹን ይልክብኛል፤ እዚያ እሄዳለሁ። አሲያ እናቴ ደግሞ ሳምቡሳ ታበላኛለች፣ ትመርቀኛለች። የምትመርቅ ሰው የቸኮለች አልመሰለኝም። ዱጋ፣ እውነቱ ይሄ ነው። ያቺን የለበጥኳትን ደብዳቤም ዛሬ ነው እስከ ግርጌው ያነበብኳት።»

አሲያ ዕንባዋ ወረደ፤ የንዴት አልነበረም። ለዚያ ሁሉ ወራት ወደ ኋላ ያስቀራት የገዛ ደግነቷ መሆኑን ሰማች። ከዚያ ስለ እህቷ፣ ስላዘላት ጀርባቸው፣ ስለ ረመዳኑ፣ ስለ ፍየሎቹ ነገረችው። ሁለት ጊዜ ተሸጠው ሁለት ጊዜ መገዛታቸውን ስትናገር ሼሁ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸውና ፈነዱ፤ ኢብራሂምም ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔ'ኮ የት አውቄ! እህት እንዳለቻችሁ እንኳን አልነገራችሁኝም።» እውነቱን ነው። የእሱን ዘመድ ሁሉ ስትጠይቅ የራሷን ነግራው አታውቅም።

«በሁለት ሳምንት አስረክባችኋለሁ!» ብሎ ብድግ አለ። «ኢንሻአላህ፣ በሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱን!»

እኔ ብዕሬን አነሣሁ፤ ያኔ አሲያ እጄን ያዘችኝ።

«አትጻፍ» አለች። ወደ ኢብራሂም ዞረች። «ልጄ፣ እኔን የሚያስደስተኝን ቀን አትንገረኝ። የምትችለውን ቀን ንገረኝ። ቢዘገይም ግድ የለም፤ እህቴን የማልዋሽበት ቀን ስጠኝ።»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ኢብራሂም ተመልሶ ተቀመጠ። አሁን ማሰብ ጀመረ፤ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሰ አሰበ። ጣውላው ከገበያው በላይ ካለው ቤት የሚወልቀው ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ የአሲያ ቤት ላይ ይታሰራል፤ ኮንክሪቱ ይሞላል። ከተሞላ በኋላ ውሃ እየጠጣ መጠንከር አለበት፤ ያንን መዝለል አይቻልም። «ውሃውን እኔ አጠጣለሁ» አለች አሲያ። ከዚያ የጣራው እንጨትና ቆርቆሮ፤ ከዚያ የበርና የመስኮት ፍሬም፤ የመብራት መስመር ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ እሱ ሳይገባ ልስን አይጀመርም። ከልስኑ በኋላ ወለል፣ መጨረሻ ቀለም። ርክክቡ ጥር መጨረሻ ላይ ወደቀ፤ ከረመዳን በፊት፣ ትንሽ ትርፍ ቀን ይዞ። «የጠጠረ ሲሚንቶ ከተገኘም በእኔ ነው» ብሎ ጨመረ፤ ማንም ሳይጠይቀው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አስገባሁ፤ አንድ ቀን እንኳን የሚዛባ ከሆነ ከመዛባቱ በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል።

ወረቀቱን አንብቤ ላስፈርም ስል ሼህ ዓብዱልመጂድ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ቆይ፣ አንድ በአንድ አንብበው» አሉኝ። «ኢንሻአላህ ማለት አስቤበታለሁ ማለት ነው፤ ማምለጫ አይደለም። ዱዓ እናድርግበት።»

እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ። «የማሰሪያው ኮንክሪት፣ ታኅሣሥ ዐሥር!» ስል «አላህ ጣውላውን በሰዓቱ ያውልቀው!» ይላሉ፤ ቤቱ ሁሉ «አሚን!» ይላል። «የጣራ ሥራ!» ስል «አናጺውን ከጣራ መውደቅ ይጠብቀው!» ይላሉ፤ «አሚን!» ሻይ የሚጠጡት ተሳፋሪዎች ተቀላቀሉ። ልስኑ ላይ ስንደርስ የደሴ አውቶቡስ ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ አሚን ሲል አየሁት። ረዳቱ «ኧረ ሰው ይጠብቃል!» እያለ ይጎትተዋል። መርሐ ግብር ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ለልስን አሚን ሲባል ግን ያን ቀን ሰማሁ። ኢብራሂም ላብ አጠመቀው። የወረቀት ቀን ብዙ አፍርሷል፤ አሚን የተባለበትን ቀን የሚያፈርስ ሰው ግን በእኛ ሀገር አልተወለደም። ፈረመ፤ እሷም ፈረመች፤ ምስክሮቹም ፈረምን፤ ከውሉ ጋር ተያያዘ።

ጣውላው በሰዓቱ ወለቀ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አሲያ የቁርስ ደንበኛ ሳይመጣ ባልዲ ይዛ ኮንክሪቷን ውሃ ታጠጣ ነበር፤ እያጠጣችም ትመርቀው ነበር ብለው የነገሩኝን አምናለሁ። ክፍሏም እየቀለለ ሄደ። ቆርቆሮው ከአልጋዋ ጎን የተነሣ ቀን ረቢአ አከራይዋ እልል አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ሥራው ተዛባ። አናጺው ታመመ፤ ኢብራሂም ገና በዋዜማው ሱቄ ሮጦ መጣ። «ጻፍልኝ» አለ፤ «ጉዳዩ፦ የሁለት ቀን መዘግየትን ስለማሳወቅ። ሰላምታ አታስገባ፤ ያሳስታል።» አሲያ ወረቀቱን አንብባ «ጎበዝ» አለችና ለአናጺው ሾርባ ላከችለት።

እትዬ ዘሊካ አላመኑም። አሲያ በስልክ «እትዬ፣ አሁን እውነት ነው፤ ተፈርሟል፣ አሚን ተብሏል» ብትላቸው «እሺ አሲዬ» አሉ፤ ፍየሎቹን ግን አልሸጡም። ጥር መጨረሻ፣ በርክክቡ ዕለት፣ ከባቲ የመጣ አይሱዙ ከአዲሱ ቤት በር ላይ ቆመ። ከጋቢናው እትዬ ዘሊካ ወረዱ፤ ከኋላ ፍየሎቹ ወረዱ። «ካላለቀ ይዣቸው እመለሳለሁ ብዬ ነው» አሉ።

አልቆ ነበር። ግድግዳው ነጭ፣ በሩ ሰማያዊ፣ ወለሉ ገና የቀለምና የሲሚንቶ ሽታ አለው። ኢብራሂም ቁልፉን በሁለት እጁ ለአሲያ ሰጣት፤ አሲያ ሳትከፍት ለእህቷ ሰጠች። እትዬ ዘሊካ ቁልፉን አገላብጠው አዩት፤ ከፈቱ፤ ቢስሚላህ ብለው በቀኝ እግራቸው ገቡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዙሪያውን ሄዱ። «አሲዬ፣ እዚህ ነው የምተኛው?» አሉ ጥጉ ላይ ቆመው። «የፈለግሽው ጋ ነው የምትተኚው፣ ቤትሽ ነው» አለች አሲያ፤ ከዚያ ሁለቱ ተቃቀፉና አለቀሱ፤ እኔም ወደ ውጭ ወጣሁ፤ አቧራ ገብቶብኝ ነው።

ውጭ ፍየሎቹ ኢብራሂም የተከለውን አጥር መብላት ጀምረዋል። እትዬ ዘሊካ ብቅ ብለው «የእነዚህስ ቤት መቼ ያልቃል?» አሉት።

«ኢንሻአላህ በቅርቡ» አለ ኢብራሂም።

ሁላችንም ዞረን አየነው። ሼሁ መዳፋቸውን ለዱዓ መዘርጋት ጀመሩ።

«ሐሙስ!» አለ ቶሎ ብሎ። «ሐሙስ፣ ከዝሁር ሰላት በፊት!»

ሐሙስ ከዝሁር በፊት አለቀ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አሲያ ሱቄ መጣች። እየሳቀች ነው። «ጻፍልኝ» አለች፤ «ለኢብራሂም።» እኔም ደንግጬ «ምን ተበላሸ? ጣራው አፈሰሰ?» አልኳት። ምንም አልተበላሸም። ጀመረች። ሚስቱን በስም፣ ልጆቹን በስም፣ እናቱን ከነጉልበታቸው፣ ግንበኞቹን፣ አናጺውን፣ ያቺን ጣውላ ሳይቀር። ከዚያ ምርቃቱ። ጣቴ ደከመ፤ አንድም ቃል ግን አልቆረጥኩም። ሁለት ገጽ ከጀርባው ሞላ።

ራሴ ወሰድኩለት። አዲስ መሠረት እያስቆፈረ ነበር። ወረቀቱን ተቀበለና ከላይ አልጀመረም፤ ተምሯል። ገልብጦ የመጨረሻዋን መስመር ፈለገ። «በአንድ ጣራ ሥር እንዳደረግከን አላህ ቤትህን ያሙቅልህ» ትላለች። ከእሷ በላይ ያለችውን አነበበ። ከእሷም በላይ ያለችውን። ጥያቄ ፍለጋ ከግርጌ ወደ ላይ ወጣ፤ ቀን የሚጠይቅ፣ ሥራ የሚያስታውስ ነገር አጣ፤ የልጆቹ ስሞች ጋ ሲደርስ ማንበቡን አቁሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ከማል» አለኝ፣ «ምንም አልጠየቀችኝም'ኮ።»

«አዎ» አልኩት። «ሰላም ልትልህ ብቻ ነው።»